የሁለት ደቂቃ ንግግር ስንት ነጥብ ይገባዋል?

አንድ የውጭ አገር ሰው «እንደምን ዋሉ» ሲል የሰማ አዲስ አበቤ ወዲያው «አማርኛ ጎበዝ ነህ!» ይለዋል። ይኸው አዲስ አበቤ የጎረቤቱ ልጅ እንግሊዝኛ ሲናገር ከሰማ ግን አንዲት የተሳሳተች ግሥ ይዞ ይስቅበታል። አድናቆቱም ሳቁም ከልብ የመጡ ናቸው። ተናጋሪው ቋንቋውን ምን ያህል እንደቻለ፣ ምን እንደጎደለው፣ ነገስ ምን ላይ ቢሠራ እንደሚሻለው ግን ሁለቱም አይናገሩም።

የቋንቋ መምህርም ጆሮው እንደማንኛችንም ጆሮ ነው። ተማሪ ክፍል ፊት ቆሞ ሁለት ደቂቃ ሲናገር መምህሩ መጀመሪያ የሚሰማው አንድ ጥቅል ስሜት ነው፤ «ጥሩ ነው» ወይም «ደካማ ነው» ይላል። ያ ስሜት እንዳለ ወደ ቁጥር ከተቀየረ ነጥቡ ከተማሪው ችሎታ ይልቅ የተማሪውን ድፍረት፣ ፈገግታ ወይም የመምህሩን የዕለቱን ድካም ይለካል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት የጦር መኮንኖች በሥራቸው ላሉ ሰዎች የሰጡትን ነጥብ መርምሮ ነበር። አንድን ሰው በአንድ ባሕርይው የወደደ መኮንን በሌላውም ባሕርይ ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጠው ነበር። የቋንቋ ክፍልም ከዚህ አያመልጥም፤ አፉ የማይያዝ ተማሪ ሰዋስዉም ያማረ ይመስለናል።

መምህራን «ሩብሪክ» የሚሉት የነጥብ አሰጣጥ መመሪያ የተፈጠረው ይህን ስሜት ከፋፍሎ ለመመርመር ነው። ለአጭር የቃል ንግግር የሚዘጋጀው መመሪያ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን ይይዛል። ተማሪው ሳይቆራረጥ ተናገረ? የተናገረው በቋንቋው ሥርዓት ትክክል ነው? የሰማው ሰውስ ገባው? ቅልጥፍና፣ ትክክለኛነትና ግልጽነት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መመሪያው ሥራውን የሚሠራው ግን ሦስቱ ጥያቄዎች በሦስት የተለያዩ ማስረጃዎች ሲመለሱ ብቻ ነው። ማስረጃው አንድ ከሆነ ሦስት ሣጥን ቢሠመርም የሚሞላው ያው አንድ ስሜት ነው።

ይህን ለማየት አንባቢው ራሱ ዳኛ ሊሆንበት የሚችለውን ክፍል እንውሰድ፤ አማርኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የሚማሩ ሰዎች ክፍል። እንዲህ ያለ ትምህርት በአዲስ አበባም፣ በጀርመን በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲም፣ በፓሪስ በኢናልኮም ይሰጣል። ተማሪዎቹ ጀማሪነትን አልፈው ስለራሳቸውና ስለዕለት ኑሯቸው መናገር የጀመሩ ናቸው እንበል። የተሰጣቸው ሥራ «ባለፈው ሳምንት ያደረጋችሁትን አንድ ነገር በሁለት ደቂቃ ተርኩልን» የሚል ነው።

ከአነጋገር ዘዬ ወደ መግባባት

የአንድን ሰው ንግግር ከፋፍሎ መመዘን አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም በ1950ዎቹ ከ0 እስከ 5 የሚደርስ የንግግር ችሎታ መለኪያ አዘጋጅቶ ነበር። ፈታኞቹ አነጋገር ዘዬን፣ ሰዋስውን፣ የቃላት ሀብትን፣ ቅልጥፍናንና የመረዳት ችሎታን ለየብቻ ያዩ ነበር። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለትምህርትና ለሥራ የሚፈተኑት አይልትስ ደግሞ ንግግርን በአራት መስፈርት እኩል ይመዝናል። እነሱም ቅልጥፍናና የሐሳብ ቅንጅት፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስው፣ አነጋገር ናቸው። በፈተናው ሁለተኛ ክፍል ተፈታኙ አንድ ደቂቃ ተዘጋጅቶ እስከ ሁለት ደቂቃ ይናገራል፤ የክፍል ውስጥ አጭር ንግግርም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በእነዚህ ዓመታት መካከል አንድ ትልቅ የአስተሳሰብ ለውጥ መጥቷል። በቀድሞው መለኪያ «የባዕድ ዘዬ አለው» ማለት ራሱ እንደ ጉድለት ይቆጠር ነበር። ትሬሲ ደርዊንግና መሬይ መንሮ የተባሉ ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ሦስት ነገሮችን ለያዩ። ዘዬው ምን ያህል ባዕድ ነው? አድማጩ ለመረዳት ምን ያህል ይደክማል? በመጨረሻስ ምን ያህሉን በትክክል ሰማ? ሲለኩት ዘዬያቸው በጣም የከበደ ተናጋሪዎች እንኳ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይሰሙ ነበር። በዛሬው መመሪያ ውስጥ «ግልጽነት» የሚለው መስፈርት የዚህ ግኝት ልጅ ነው። የሚጠይቀው ተናጋሪው እንደ አገሬው መናገሩን አይደለም፤ አገሬው ተናጋሪውን መረዳቱን ነው።

ቅልጥፍና፦ ዝምታው የት ላይ ነው?

ቅልጥፍናን ከፍጥነት ጋር ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። በፍጥነት የሚናገር ተማሪ የቃላቱን መጨረሻ እየዋጠ ግልጽነቱን ያጣል። ቀስ ብሎ የሚናገር አገሬም ሞልቷል፤ ሽማግሌ በሽምግልና ላይ ቃል እየመረጡ ሲናገሩ «ቅልጥፍና የላቸውም» የሚል የለም። እሳቸው ዝም የሚሉት አንድ ሐሳብ ጨርሰው ሌላውን ሊጀምሩ ሲሉ ነው። ቋንቋውን ገና የሚማር ሰው ግን በሐሳቡ መሃል ይቆማል። ስለዚህ መምህሩ መስማት ያለበት ዝምታው ስንት መሆኑን ብቻ ሳይሆን የት ቦታ መውደቁን ነው።

በአማርኛ ይህ በቀላሉ ይሰማል። «ባለፈው ቅዳሜ» ብሎ ትንሽ ትንፋሽ መውሰድ ማንም የሚያደርገው ነው። «ወደ» ብሎ ቆሞ፣ አስቦ፣ «መርካቶ» ማለት ግን የተማሪ ነው። ከሁሉ በላይ ተማሪው የሚቆመው ከግሡ ፊት ነው። የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንዳደረገው፣ ወንድ ይሁን ሴት በአንድ ቃል ተሸክሞ ይመጣል። ተማሪው እስከዚያ ድረስ ደህና መጥቶ በሩ ላይ ይያዛል።

ሁሉም መደናቀፍ ነጥብ አያስቀንስም። እኛም ቃል ሲጠፋን «እንትን» እንላለን፤ «ማለቴ» ብለን እናርማለን። ተማሪው በራሱ ቋንቋ ከሚያጉረመርም «እንትን» ብሎ ቦታውን ይዞ ካሰበና ከቀጠለ ቅልጥፍናን እየተማረ ነው።

ለዚህ መስፈርት አራት ደረጃ ይበቃል። ደረጃዎቹ አምስት ቢሆኑ የተጠራጠረ መምህር ሁሉ ሦስት ላይ ይጠለላል፤ አራት ሲሆኑ ግን መወሰን ግድ ነው።

4፦ ዝምታዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሐሳብ መጨረሻ ላይ ናቸው።
3፦ አንዳንድ ዐረፍተ ነገር መሃል ላይ ይቆረጣል፤ ከግማሽ በላዩ ግን ሳይቆረጥ ይደርሳል።
2፦ ከግማሽ በላዩ ይቆረጣል፣ ይደገማል፤ ይሁን እንጂ ንግግሩ እስከ መጨረሻ ይሄዳል።
1፦ ንግግሩ ቃል በቃል የሚለቀም ነው፤ የተጀመሩ ዐረፍተ ነገሮች ሳያልቁ ይቀራሉ።

ይህን መስፈርት የሚያፈርሰው ትልቁ ችግር ሽምደዳ ነው። ጽሑፉን በቃሉ የያዘ ተማሪ ያለ አንዲት ዝምታ ይወርዳል፤ መመሪያውም 4 ስጠው ይላል። ሽምደዳ ግን ይታወቃል። የንግግሩ ፍጥነት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፣ ራሱን የሚያርምበት ቦታ የለም፣ አንድ ቃል ሲጠፋው ከመሃል መቀጠል አቅቶት ወደ ዐረፍተ ነገሩ መነሻ ይመለሳል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተማሪው ይዞ የሚወጣው ቁራጭ ወረቀት ከአምስት ቃል በላይ አይኑርበት፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገርም አይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ንግግሩ ሲያልቅ መምህሩ ከተነገረው ታሪክ ውስጥ አንድ ያልተጠበቀ ጥያቄ ይጠይቅ። የቅልጥፍና ነጥብ የሚጻፈው መልሱ ከተሰማ በኋላ ነው።

ትክክለኛነት፦ ከዐሥር ስንቱ ነው?

ስለ ትክክለኛነት ሲነሳ ብዙ መምህራን ስሕተት ይቆጥራሉ። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ሃያ ዐረፍተ ነገር ተናግሮ አምስት የሳተ፣ ስድስት ተናግሮ አምስት ከሳተው ጋር አንድ አይደለም። የተሻለው መንገድ በግሥ የሚያልቁትን ሐሳቦች ቆጥሮ ከእነሱ ውስጥ ያለ ስሕተት የወጡት ስንት እንደሆኑ ማየት ነው።

4፦ ከዐሥሩ ዘጠኝ ወይም ከዚያ በላይ ትክክል ናቸው።
3፦ ሰባት ወይም ስምንት።
2፦ አምስት ወይም ስድስት።
1፦ ከአምስት በታች።

መምህሩ ይህን ለመያዝ ብዙ አይጽፍም። ለእያንዳንዱ ትክክለኛ ሐሳብ አንድ ጭረት፣ ለተሳሳተው ደግሞ የተሳሳተውን ግሥ ብቻ ያሰፍራል። «እህቴ መጣ»፣ «ትናንት እሄዳለሁ»፣ ትልቅ ሰውን «አንተ» ማለት ሁሉ እዚህ ይገባሉ። የመጨረሻው የአክብሮት ጉዳይ ቢሆንም በአማርኛ አክብሮት በግሡ ላይ የሚታይ ነውና የሰዋስው አካል ነው።

እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። «ይህ ቤት ነው፤ ቤቱ ትልቅ ነው፤ አባቴ ሐኪም ነው» እያለ የሚወርድ ተማሪ ከዐሥር ዐሥር ያገኛል፤ ምክንያቱም የሚያሳስት ነገር አልነካም። ጎረቤቱ ደግሞ አስቸጋሪውን ያለፈ ጊዜ ሞክሮ ይወድቃል። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ፒተር ስኪሃን እንደሚያስረዳው የተማሪ ትኩረት ውስን ነው። ረቀቅ ያለ ነገር ለመናገር ሲጥር ትክክለኛነቱ ወይም ቅልጥፍናው ሊጎዳ ይችላል። መመሪያው ሙከራን እንዳይቀጣ ከተፈለገ መፍትሔው በሥራው ውስጥ መቀመጥ አለበት። «ባለፈው ሳምንት» የሚለው ትእዛዝ ተማሪውን ወደ ያለፈ ጊዜ ያስገድደዋል። በተጨማሪም «ነው» ሳይቆጠር ቢያንስ ስምንት ግሥ ያልተጠቀመ ተማሪ በትክክለኛነት 4 አያገኝም የሚል አንድ መስመር መመሪያው ላይ ይጨመራል።

ግልጽነት፦ ሰሚው ምን ይዞ ወጣ?

ሦስተኛው መስፈርት ከሁሉ ይልቅ በግምት የሚሞላ ነው። ምክንያቱም የመምህሩ ጆሮ ለምዷል። ለወራት ሲሰማቸው የኖረ መምህር ተማሪው ምን ሊል እንደፈለገ ገና ሳይጨርስ ያውቃል፤ ታክሲ ተራ ላይ የሚገጥመው ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ የግልጽነት ማስረጃ ከመምህሩ ሳይሆን ከሌላ ሰሚ መምጣት አለበት። የሌላ ክፍል መምህር ወይም ተማሪዎቹን የማያውቅ የቢሮ ሠራተኛ ይበቃል። ሰው ካልተገኘ ንግግሩ በስልክ ተቀርጾ ኋላ ይሰማለታል። ሰሚው ነጥብ አይሰጥም፤ የሰማውን ብቻ መልሶ ይተርካል።

4፦ ሰሚው ዋናዎቹን ነገሮች በሙሉ በቅደም ተከተላቸው መልሶ ይተርካል።
3፦ ዋናው ታሪክ ገብቶታል፤ አንድ ወይም ሁለት ነገር አምልጦታል ወይም ተምታቶበታል።
2፦ ስለምን እንደተወራ ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ግን በቁርጥራጭ ነው የያዘው።
1፦ ርእሱንም መናገር አይችልም።

ግልጽነትን የሚያበላሹት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ድምፅ ነው። እንግሊዝኛ ወይም ጀርመንኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ይቸግሩታል፤ ወደ ተ፣ ከ፣ ቸ፣ ሰ ያዘነብላል። «ቡና ተታን» ቢል ማንም አይሳሳትም፤ ቡና ምን እንደሚደረግ ስለሚታወቅ ሰሚው ራሱ ያርመዋል። ይህ ዘዬ ነው፤ ነጥብ አይነካም። «መጣ» ለማለት «መታ» ቢል ግን ሌላ ታሪክ ይፈጠራል። ሁለተኛው የሐሳብ አደራደር ነው። «መጀመሪያ»፣ «ከዚያ»፣ «ስለዚህ»፣ «በመጨረሻ» የሚሉ አራት ቃላት ብቻ የሚያውቅ ተማሪ፣ ሁለት መቶ ቃል እያወቀ ያለ ማያያዣ ከሚዘረግፈው ይልቅ ይገባል።

አንድ ንግግር እንመዝን

መመሪያው ሲሠራ ለማየት ለምሳሌ የተዘጋጀ አንድ ንግግር እንውሰድ። ተናጋሪዋ ከጥቂት ወራት ትምህርት በኋላ የወጣች ተማሪ ናት እንበል። ነጠብጣቡ ዝም ያለችበትን ቦታ ያሳያል።

«ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ወደ መርካቶ እሄዳለሁ። የጓደኛዬ ስም አልማዝ ነው። እሷ እዚያ… እዚያ ይሠራል… ትሠራለች። መጀመሪያ ቡና ተታን። ከዚያ… እ… ነጠላ መግዛት… ፈለግኩ። ባለሱቁ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር አለ። እኔ ‹በጣም ውድ ነው› አልኩ። አልማዝ ተቆጣ። ባለሱቁ ሳቀ። ዘጠኝ መቶ… ዘጠኝ መቶ ብር እከፍላለሁ። በኋላ የአልማዝ ወንድም መታ። ታክሲ… የለም። ስለዚህ እኛ በእግር ወደ ቤት ሄድኩ።»

ንግግሩ እንዳበቃ መምህሩ «ነጠላውን ለማን ገዛሽ?» ብሎ ይጠይቃል። እሷም «ለእናቴ። እሷ… ነጠላ ትወዳለች» ትላለች።

መጀመሪያ ቅልጥፍናን እንይ። በግሥ የሚያልቁ ዐሥራ ሦስት ሐሳቦች አሉ፤ ውስጥ ውስጡን የተጠቀሰው የራሷ ንግግር ለብቻ አልተቆጠረም። ከዐሥራ ሦስቱ መሃላቸው ላይ የተቆረጡት አራት ናቸው፤ አልማዝ የት እንደምትሠራ፣ ነጠላ መግዛቷ፣ መክፈሏ፣ ታክሲ አለመኖሩ። የቀሩት ዘጠኙ ሳይቆረጡ ደርሰዋል። ያልጠበቀችውን ጥያቄም ወዲያው መልሳለች፤ ስለዚህ የሸመደደችው አይደለም። የቅልጥፍና ደረጃዋ 3 ነው።

ወደ ትክክለኛነት እንሂድ። «ይሠራል… ትሠራለች» ስትል ራሷን አርማለች፤ የመጨረሻው ቃሏ ትክክል ስለሆነ ስሕተት አይቆጠርባትም። መደናቀፉ በቅልጥፍና በኩል ተቆጥሯል፤ አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አያስቀጣም። «ተታን» እና «መታ» የድምፅ ጉዳይ ናቸው፤ ሰዋስዋቸው ደህና ነው። የተሳሳቱት አምስት ናቸው፤ ያለፈውን ነገር ስትተርክ «እሄዳለሁ»፣ «እከፍላለሁ»፣ «የለም» ማለቷ፣ አልማዝን «ተቆጣ» ማለቷ፣ «እኛ» ብላ «ሄድኩ» ማለቷ። ከዐሥራ ሦስት ስምንት ትክክል ማለት ከዐሥር ስድስት ገደማ ነው። የትክክለኛነት ደረጃዋ 2 ይሆናል።

በመጨረሻ ውጭ ያለው ሰሚ የሰማውን ይተርክ። «ከአልማዝ ጋር መርካቶ ሄደች፣ ቡና ጠጡ፣ ነጠላ ልትገዛ ስትል አንድ ሺህ ሁለት መቶ ተባለች፣ ተከራክራ በዘጠኝ መቶ ገዛች፣ የአልማዝ ወንድም ሰው መታ፣ በእግር ወደ ቤት ሄዱ» ይላል። «ተታን» ያለችውን አልፎታል፤ «እሄዳለሁ» ያለችውንም ቅዳሜው ያለፈ መሆኑን ስለሰማ በራሱ አስተካክሎታል። «ሄድኩ» ያለችውንም «እኛ» ስላለች «ሄዱ» ብሎ ተረድቶታል። የወንድምየው ነገር ግን ተምታቷል፤ «ማንን ነው የመታው?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ነው። አንድ ነገር ብቻ ስለጠፋ ግልጽነቷ 3 ነው።

ሦስቱን ቁጥሮች እንዴት እንደምንደምር መምህሩ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ሰዋስው በጽሑፍ ፈተና ብዙ ነጥብ ይያዝለታል፤ የቃል ንግግር ግን ቅልጥፍናና ግልጽነት የሚለኩበት ብቸኛ ዕድል ነው። ስለዚህ በዚህ ደረጃ ላይ ላለ ክፍል ሁለቱን በእጥፍ መቁጠር ምክንያታዊ ነው። ቅልጥፍና 3 በእጥፍ 6፣ ግልጽነት 3 በእጥፍ 6፣ ትክክለኛነት 2፤ ድምሩ ከ20 አሥራ አራት ይሆናል። ለአስተርጓሚነት የሚሠለጥን ክፍል ቢሆን ግን ትክክለኛነትን በእጥፍ መቁጠር ይገባ ነበር። ክብደቱ የሚወጣው ተማሪው ቋንቋውን ለምን እንደሚማር ከማወቅ ነው።

ከ14ቱ ይበልጥ የሚጠቅማት ግን ከሥሩ ያለው ዝርዝር ነው። አምስቱ ስሕተቶች ሲጠጋጉ ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ የጊዜ፣ ሁለቱ የግሥና የባለቤት አለመስማማት። መምህሩ «በሚቀጥለው ንግግርሽ ያለፈውን ጊዜ ብቻ ጠብቂ፤ ከመውጣትሽ በፊትም መታና መጣን እየለየሽ ተለማመጂ» ቢላት የምትይዘው ሥራ አላት። «ሰዋስውሽን አሻሽዪ» ቢላት ግን ምኑን እንደምትይዝ አታውቅም።

መመሪያው የማያየው

ይህ መመሪያ የራሱ ድንበር አለው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሚወጡ ዐሥራ ሦስት ሐሳቦች ሁለቱ ወዲያ ወይም ወዲህ ቢሆኑ የትክክለኛነት ደረጃው ይቀየራል። ስለዚህ 14 ያገኘችውና 15 ያገኘው ተማሪ በችሎታ ይለያያሉ ማለት አይቻልም፤ በ14 እና በ8 መካከል ያለው ልዩነት ግን እውነተኛ ነው። በአንድ ንግግር የወሰነ መምህር በዕለቱ ፍርሃት ላይ ሊወስን ይችላል። በአንድ መንፈቀ ዓመት ቢያንስ ሁለት ሦስት ንግግሮችን ሰምቶ አማካዩን መውሰድ ይሻላል። መመሪያው የቃላት ሀብትንም ሆነ ከሰው ጋር ተቀባብሎ የመነጋገር ችሎታን አይለካም፤ እነሱ ሌላ ሥራና ሌላ መስፈርት ይፈልጋሉ።

ሁለት መምህራን አንድ መመሪያ ይዘው የተለያየ ነጥብ የመስጠታቸውም ነገር አለ። ይህን ለማወቅ ከባድ ጥናት አያስፈልግም። አምስት የተቀረጹ ንግግሮችን ሁለቱ ለየብቻ ሰምተው ነጥባቸውን ያስተያዩ። በአንድ ደረጃ ቢለያዩ የሚጠበቅ ነው፤ በሁለት ደረጃ ከተለያዩ ግን መመሪያው ውስጥ አንድ ቃል ለሁለቱ ሁለት ነገር እያለ ነው ማለት ነውና ያ መስመር ተስተካክሎ መጻፍ አለበት። የተስማሙባቸውን ንግግሮች እንደ ናሙና አስቀምጠው በየመንፈቁ መጀመሪያ መልሰው ቢሰሟቸው ደግሞ ጆሯቸው ከዓመት ዓመት አይንሸራተትም።

ወደ እንግሊዝኛው ክፍል

ለአማርኛ የተሠራው ይህ መመሪያ የእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ሲገባ አጥንቱ አይቀየርም፤ የሚሰሙት ነገሮች ብቻ ይቀየራሉ። የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ «ፊልም» ለማለት «ፊሊም» ይላል፤ ተናባቢዎቹ መሃል አናባቢ ያስገባል። ይህ የእኛ ዘዬ ነው፤ ሰሚ እስካልተሳሳተ ድረስ ነጥብ መንካት የለበትም። ለሶስተኛ መደብ ነጠላ ግሥ ላይ የምትጨመረውን «ስ» ቢዘነጋ ትክክለኛነት ላይ ይቆጠራል እንጂ ቅልጥፍናውን ወይም ግልጽነቱን ዝቅ አያደርግም። አንዲት የተሳሳተች ግሥ ሰምቶ ልጁን በሙሉ «እንግሊዝኛ አይችልም» ማለት ሦስቱን ጥያቄዎች በአንዱ መልስ መዝጋት ነው።

መምህራን በቅንነት የሚያነሱት ጥያቄ ጊዜ ነው። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ሁለት ደቂቃ ንግግር፣ አንድ ጥያቄና ነጥብ መጻፊያ ተደምሮ ለአንድ ልጅ አራት ደቂቃ ቢያዝ የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሚበቃው ለዐሥር ልጆች ነው። ሁሉንም ለመስማት ስድስት ክፍለ ጊዜ ይሄዳል። ይህን በአንድ ሳምንት ከመጨረስ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ሁለት ልጆችን መስማት ይቀላል፤ በዚህ ዓይነት ሠላሳ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ይዳረሳል፣ ትምህርቱም አይቋረጥም። ተቀምጠው የሚሰሙት ልጆች ደግሞ ሥራ አላቸው፤ እነሱ የሰሙትን ሁለት ነገር በወረቀት ላይ ቢጽፉ መምህሩ የግልጽነትን ማስረጃ ከእነሱ ያገኛል።

አንድ ነገር ግን መጓደል የለበትም። መመሪያው ለተማሪዎቹ መሰጠት ያለበት ከንግግሩ በፊት ነው፤ ከንግግሩ በኋላ የሚገለጥ መስፈርት ለተማሪው ፍርድ እንጂ ትምህርት አይሆንም። የቋንቋ መምህራን ሆይ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች ከነደረጃቸው በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ የመጀመሪያውን ንግግርም ያለ ነጥብ አድርጉት። ወላጆችም ልጃችሁ ነጥቡን ይዞ ሲመጣ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ከሦስቱ የትኛው ጎደለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ካላወቀው ነጥቡ ተሰጥቶታል እንጂ ንግግሩ ገና አልተመዘነለትም።